የሻይ ፔርሙስ እድፉ ከግድግዳው፣ ሽታው ከክዳኑ

ጥያቄ፦ «ለሦስት ዓመት ያህል የቅመም ሻይ የምናስቀምጥበት፣ 1 ሊትር የሚይዝ የስቲል ፔርሙስ አለን። ውስጡ ጠቁሯል። በረኪና በውሃ በጥብጬ አሳደርኩበትና ነጣ፤ በሳምንቱ ግን ተመልሶ ጠቆረ። አሁን ንጹሕ ውሃ ስይዝበት እንኳ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ምን ላድርግ? በረኪናውስ ጎድቶት ይሆን?»

ምላሽ፦ ከበረኪናው ልጀምር፤ ምክንያቱም እድፉ ለምን በሳምንቱ እንደ ተመለሰ የሚነግረን እሱ ነው። በረኪና ቀለምን ያነጣል እንጂ ቀለሙ የተጣበቀበትን ቅርፊት በሙሉ አያነሣም። ፔርሙሱ በነጣ ጊዜ ንጹሕ መስሎ ታየ እንጂ ቅርፊቱ በቦታው ነበረ፤ ቅርፊቱ ደግሞ ሸካራ ስለሆነ አዲስ ሻይ ሲያገኝ ቀለሙን ከለስላሳ ብረት ይልቅ ፈጥኖ ይይዛል። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት የፈጀው ጥቁረት በሰባት ቀን የተመለሰው።

ጎድቶት እንደ ሆነ ለማወቅ ፔርሙሱን አድርቀው በስልክዎ መብራት ውስጡን፣ በተለይ ታችኛውን ዙሪያና አንገቱ ላይ ያለውን ብየዳ ይመልከቱ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪንና ከእሱ የሚቀረው ጨው የማይዝገውን ብረት ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን በነጥብ በነጥብ ይበሳል። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነጥቦች ካዩ ቦታቸውን ያስታውሱ፤ ከታች የምገልጸው የአሲድ እጥበት ካነሣቸውና ካልተመለሱ ከላይ የተቀመጠ ዝገት ብቻ ነበሩ ማለት ነው። እዚያው ቦታ ደጋግመው ከወጡና በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ሲነኳቸው ጎድጎድ ካሉ ግን ብረቱ ተበልቷል፤ እሱን የሚመልስ እጥበት የለም። አንድ ሌሊት ብቻ፣ ያውም በውሃ የቀጠነ ከነበረ፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ አይደርስም። ከእንግዲህ ግን በረኪናን ለስቲል ፔርሙስ አይጠቀሙበት። በተለይም በረኪና የነካውን ዕቃ በደንብ ሳያለቀልቁ አቼቶ ወይም ሎሚ አይጨምሩበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፔርሙሱን ሦስት አራት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ሞልተው ይድፉ።

አሁን ወደ እድፉ። እኔ የምሠራው በወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ በመሣሪያዎች ንጽሕና ላይ ነው፤ የወተት ቧንቧና የሻይ ፔርሙስ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም የሚጋገረው ቅርፊት አንድ ዓይነት ቁስ አይደለም። ሻይ ውስጥ ታኒን በሚል የጋራ ስም የምንጠራቸው፣ አፍን የሚያደርቁ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ አየር ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ፤ በውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኙ ደግሞ ተያይዘው ስስ ቆዳ ይሠራሉ። ይህን ቆዳ ያለ ምንም መሣሪያ ማየት ይቻላል። ስኒ ላይ የቀዳነው ጥቁር ሻይ ሳይጠጣ ሲቀዘቅዝ በላዩ የሚያብለጨልጭና ሲነኩት እንደ ተሰባበረ በረዶ የሚከፋፈል ነገር ይታያል፤ ፔርሙሱ ግድግዳ ላይ በየቀኑ የሚለጠፈው እሱው ነው። ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ ላይ ይህ ቆዳ አይታይም ማለት ይቻላል፤ የሎሚው አሲድ ካልሲየሙን ስለሚይዘው ታኒኑ የሚያያዝበት ያጣል።

ከዚህ የምንረዳው ቅርፊቱ ሁለት እጅ እንዳለው ነው። አንደኛው ከቅጠሉ የመጣ፣ ቀለም ያለው ክፍል ሲሆን የሚለቀው እንደ ቤኪንግ ሶዳ ባለ አልካላይ ነው። ሁለተኛው ከውሃው የመጣ፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ከምናየው ነጭ ድንጋይ ጋር አንድ የሆነ ክፍል ነው፤ እሱን የሚያሟሟው አሲድ ነው። ከወንዝና ከግድብ በሚመጣ ለስላሳ ውሃ ሻይ የሚያፈላ ሰው ሁለተኛው ክፍል ስለሚያንስበት በሶዳ ብቻ ሊገላገል ይችላል። ውሃቸው ካልሲየም የበዛበት የድሬዳዋ ሰዎች፣ እንዲሁም የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ሰፈሮች ግን ሶዳ ብቻውን ለምን እንደማይበቃቸው ከማንቆርቆሪያቸው ያውቁታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሶዳውንና አቼቶውን ባንድ ላይ መጨመር ነው። አረፋው ዓይን ይሞላል፣ ሥራ እየተሠራም ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን እየገደለው ነው። አረፋው ሲያልቅ የሚቀረው ለእድፉ እምብዛም የማይጠቅም ጨዋማ ውሃ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ከተናወጠ ደግሞ ጋዙ ክዳኑን ወደ ፊትዎ ሊያስፈነጥር ይችላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ግን አንዱ ሠርቶ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ነው ሌላው መግባት ያለበት።

ቅደም ተከተሉን በአንድ እውነተኛ ዕቃ ላይ ላሳይ። ባለፈው ክረምት አንዲት የአክስቴ ልጅ ከድሬዳዋ ስትመጣ «ይኼ ከእንግዲህ ለሻይ አይሆንም» ብላ ልትጥለው የነበረ፣ ልክ እንደ እርስዎ 1 ሊትር የሚይዝ የስቲል ፔርሙስ ይዛ መጣች። ውስጡ ከአንገቱ እስከ ታች እንደ ምጣድ ጀርባ ጠቁሮ ነበር። መጀመሪያ በፈሳሽ የዕቃ ሳሙናና በጠርሙስ ብሩሽ፣ ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት። ይህ እርምጃ እድፉን አይነካውም፤ የሚያነሣው ቅባቱን ነው። አንዳንድ ጊዜ ወተት ያለው ሻይ ይቀመጥበት ስለ ነበር ላዩ ላይ ስስ ቅባት ነበረ፤ ቅባት ካለ ደግሞ ሶዳው ወደ ቅርፊቱ አይደርስም።

ቀጥሎ 3 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 40 ግራም አካባቢ፣ ጨመርኩበትና ፈልቶ ትንሽ የበረደ ውሃ በቀስታ እስከ አፉ ሞላሁበት። እስከ አፉ የምለው በከንቱ አይደለም፤ በጣም የሚጠቁረው ሻዩና አየሩ የሚገናኙበት የአንገቱ ቀለበት ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ግማሽ ድረስ ሞልቶ ያንኑ ቦታ ደረቅ ይተወዋል። ክዳኑን አልዘጋሁትም፤ ሶዳ በሙቅ ውሃ ውስጥ ጋዝ ይሰጣልና። ፔርሙስ ሙቀት መያዙ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ሌላ ዕቃ ቢሆን በሃያ ደቂቃ የሚበርደው ውሃ ክዳኑ ክፍት ሆኖም ለረጅም ጊዜ ትኩስ ሆኖ ይሠራል። አመሻሽ ላይ ያስቀመጥኩትን ጠዋት ስደፋው የወጣው ውሃ የጠለላ ሻይ ይመስል ነበር። ብሩሹን አዙሬ ሳወጣ ጥቁሩ ወደ ቡናማነት ወረደ፤ ግን አልለቀቀም።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ አሸዋና ጠጠር የሚሄዱት። እኔ ግን አድርቄ በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክር ነበር። ሲደርቅ ሻካራና አመድማ መስሎ የሚታይ ቦታ ካልሲየም ነው። እርግጠኛ ለመሆን አንድ ጠብታ ሎሚ ያስነኩት፤ ጥቃቅን አረፋ ካወጣ ጥርጥር የለውም። ስለዚህ ሶዳውን በሚገባ አለቅልቄ 1 የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ፣ 15 ግራም አካባቢ፣ በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙቼ ሞላሁት። ሲትሪክ አሲድ በዓረብ አገሮችና በእስራኤል ሱቆች «የሎሚ ጨው» በሚል ስም የሚገኘው ነጭ ስኳር መሰል ዱቄት ነው። እሱ ካልተገኘ አንድ እጅ አቼቶ ለሦስት እጅ ሙቅ ውሃ ያገለግላል፤ ሥራው ይዘገያል፣ ሽታውም ጥቂት ይቆያል እንጂ ውጤቱ አንድ ነው። ከ45 ደቂቃ በኋላ ስደፋው ውሃው ውስጥ ቡናማ ስንጥርጣሪ ተንሳፎ ወጣ። ካልሲየሙ ሲሟሟ በላዩ ተለጥፎ የነበረው ቀለም መቆሚያ አጥቶ እየተላጠ መውረዱ ነበር።

እንደዚያም ሆኖ በታችኛው ዙሪያ ጥቂት ቀርቶ ነበር። የብዙ ዓመት ቅርፊት እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው፤ የሻይ ንጣፍ፣ በላዩ የካልሲየም ንጣፍ፣ እንደገና ሻይ። ስለዚህ ሶዳውን ለአራት ሰዓት፣ አሲዱን ለግማሽ ሰዓት ደገምኩት። በሁለተኛው ዙር ብረቱ ነጭ ሆኖ ወጣ። የእርስዎም ሦስት ዓመት የቆየ ስለሆነ በአንድ ዙር ባይጨርስ አይገረሙ፤ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ግን ምንም ለውጥ ካላዩ የቀረው እድፍ ሳይሆን የብረቱ የራሱ ቀለም ወይም ብዥታ ነው፣ ይተዉት። አሲዱን ከአንድ ሰዓት በላይ ማቆየትም ሆነ ማሳደር አያስፈልግም፤ ሎሚን ከገበታ ጨው ጋር አድርጎ ማሸት ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ ጨው ከአሲድ ጋር ሲሆን ብረቱን እንደ በረኪና ይበሳዋል።

ሶዳን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሱቅ ሄደው «ቤኪንግ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚሰጥዎ ለኬክ የሚሆነው ቤኪንግ ፓውደር ነው። እሱ ሶዳ ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር የተቀላቀለበት ስለሆነ ውሃ ሲነካው አረፋ አውጥቶ ያልቃል፣ ለእድፍም አይረባም። ማሸጊያው ላይ «ሶዳ» ወይም «ሶዲየም ባይካርቦኔት» የሚለውን ይፈልጉ። በውጭ አገር ላሉ አንባቢዎች ከሶዳ የሚበልጥ አማራጭ አለ፤ ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚባለው፣ ክሎሪን የሌለበት የኦክስጅን ማንጫ ዱቄት ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ለሁለት ሰዓት ቢቀመጥ ሶዳ ሌሊቱን ሙሉ የማይጨርሰውን ቀለም ያነሣል። ሽቶና ሳሙና ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ፐርካርቦኔት መሆን አለበት፤ የልብስ ማንጫ ድብልቅ ከሆነ ግን ለሻይ ዕቃ አይሆንም፣ ሽቶው ከቅርንፉዱ የባሰ ራስ ምታት ይሆንብዎታል። አረፋ ስለሚያወጣ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው ይሥሩበት። ካልሲየሙን ግን እሱም አያነሣም፤ የአሲዱ ተራ እንዳለ ነው።

ስለ ሽታው ያለኝ ሐሳብ ከእድፉ የተለየ ነው። ብረትም ሆነ ብርጭቆ ሽታ አይጠጣም፤ ንጹሕ ከሆነ ላዩ ላይ የሚቀር ነገር የለም። አያቶቻችን የወተት ቅልን በወይራ የሚያጥኑት ቅል ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉትና ጭስ የሚጠጣ ስለሆነ ነው፤ ፔርሙስ አጥኖ የሞከረ ሰው አውቃለሁ፣ ያተረፈው ቅርንፉዱ ላይ የወይራ ጭስ መጨመር ብቻ ነበር። የቅርንፉድ፣ የቀረፋና የኮረሪማ ሽታ የሚመጣው ከዘይታቸው ነው፤ ይህ ዘይት ደግሞ በውሃ ሳይሆን በላስቲክና በፕላስቲክ ውስጥ መግባት ይወዳል። ፔርሙሱ ውስጥ ላስቲክና ፕላስቲክ ያለው ክዳኑ ላይ ነው። በሻዩ ትኩስ እንፋሎት ሥር ሦስት ዓመት የኖረው እሱ ነው።

ይህን ግን በእኔ ቃል አይቀበሉት፤ ይፈትኑት። ሁለቱንም አጥበው ካደረቁ በኋላ ፔርሙሱን ክፍት አድርገው አንድ ቀን ያሳድሩ፣ ክዳኑን ደግሞ ለብቻው በንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት አስረው ያስቀምጡ። በማግስቱ ሁለቱን በየተራ ያሽትቱ። ሽታው ከከረጢቱ ከወጣ ከእንግዲህ አካሉን ማጠብ ድካም ብቻ ነው። ከአካሉ ከወጣ ግን አንድም ያልለቀቀ ቅርፊት አለ፣ አንድም ክዳኑ የሚዞርበት ጥርስ ውስጥ የደረቀ ሻይ ተሰግስጓል፤ እዚያ ቦታ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በሶዳ ልቁጥ ይዘው ዙሪያውን ይፈትጉ።

ክዳኑን ሲፈቱ ጎሚኒውን፣ ማለትም ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርገውን የላስቲክ ቀለበት፣ በማንኪያ እጀታ ወይም በእንጨት ጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ አድርገው ያውጡ። ቢላዋ ከተጠቀሙ ትንሽ ስንጥቅ ይፈጠርና ከዚያ በኋላ ፔርሙሱ ጋደም ሲል ያፈሳል። ጎሚኒው ከመውጣቱ በፊት የትኛው ጎኑ ወደ ታች እንደ ሆነ በስልክ ፎቶ ያንሡት። ከሥሩ ጥቁር አተላ ወይም ሻጋታ ማግኘትዎ አይቀርም። ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሊኮን ከሆነ ለ10 ደቂቃ በውሃ ቢቀቀል አይጎዳም፤ ሙቀቱ ዘይቱን ያስወጣዋል። ጥቁር ላስቲክ ከሆነ ግን መቀቀሉ ያደርቀዋልና በሙቅ የሶዳ ውሃ ማሳደር ይበቃዋል። የክዳኑን ፕላስቲክም በዚያው ውሃ፣ በሳህን ውስጥ ያሳድሩት። ከዚያ ሁለቱንም ሳይገጥሙ ሁለት ሦስት ቀን ነፋስና ፀሐይ የሚያገኛቸው ቦታ ያስቀምጡ። ውስጥ የገባ ዘይት በጊዜ እንጂ በመፈተግ አይወጣም።

ከዚህም በኋላ ሽታው ካልቀነሰ ክዳኑን ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ይነቅንቁት። ብዙ ክዳኖች ውስጣቸው ባዶ ነው፤ በጥቃቅን ስንጥቅ ሻይ ሰርጎ ከገባ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። እሱ ሻይ ውስጡ እየኮመጠጠ ስለሚቆይና ብሩሽም ሶዳም ስለማይደርስበት ያለው መፍትሔ ክዳኑን መቀየር ነው። ጎሚኒ ለብቻው ከተገኘ ዋጋው ከፔርሙሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ዲያሜትሩን ለክተው ወይም አሮጌውን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ሽታው የቅርንፉድ ሳይሆን የኮመጠጠ ወተት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ የወተት ፕሮቲን በፈላ ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል ይረጋና ይጣበቃል። ይህን በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁት ስሕተት ነው።

ዕቃው ሌላ ዓይነት ለሆነባቸው ጥቂት ልጨምር። ውስጡ ብርጭቆ የሆነ ፔርሙስ ሶዳውንም አሲዱንም ይችላል፤ የማይችለው ድንገተኛ ሙቀትን ነው። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ አሙቀው ቀጥሎ ትኩሱን ይጨምሩ፤ ሽቦ ያለው ብሩሽ ወይም ጠጠር አያስገቡበት፤ ጭረት ያለበት ብርጭቆ በሌላ ቀን ሻይ ሲቀዳበት ሊፈነዳ ይችላልና። ስንጥቅ ካለው አይጠገንም፣ ስንጥርጣሪው ከሻዩ ጋር ይጠጣል። ጥሬ ሩዝ ከሳሙና ውሃ ጋር አድርጎ ማሽከርከር ብሩሽ ለማይገባበት ጠባብ አንገት ጥሩ ነው፤ አሸዋ ግን ስቲሉንም ይጭረዋል፣ የተጫረ ስቲል ደግሞ ይበልጥ ያድፋል። ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ የውሃ መያዣ ላይ ሶዳም ፐርካርቦኔትም አይጠቀሙ፣ አልካላይ አሉሚኒየምን ይበላዋል፤ ለእሱ ሳሙናና የቀጠነ አቼቶ ለአጭር ጊዜ ይበቃል። ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀለሙንም ሽታውንም ወደ ውስጥ ስለሚጠጣ በለብታ ሶዳ የተቻለውን ያህል ይቀልለታል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠራም። ሻይ የተቀዳበት ባዶ ሃይላንድ ከሆነ አይድከሙበት፣ ፈላ ውሃ ሲነካው ተኮማትሮ ያልቃል።

ሁሉም ሲያልቅ ጎሚኒውን በፎቶው መሠረት መልሰው ይግጠሙና ፔርሙሱን በፈላ ንጹሕ ውሃ ሞልተው ዘግተው ለአንድ ሰዓት ያቆዩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ውጫዊ ግድግዳውን በእጅዎ ይዳስሱ፤ አንገቱ አካባቢ ትንሽ ቢሞቅ ደንብ ነው፣ ሆዱ ከሞቀ ግን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ አየር ገብቶበታልና ሻይ አያቆይልዎትም። ከሰዓቱ በኋላ ውሃውን በስኒ ቀድተው ይቅመሱት። ምንም ጣዕም ካልተሰማዎት ሥራው አልቋል። ቅርንፉድ ካለ አካሉን እንዳይነኩት፤ ክዳኑን ፈትተው ለተጨማሪ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ያውሉት። ማታ ማታ ሻዩ ሲያልቅ ደግሞ አለቅልቀው፣ ክዳኑን ሳይገጥሙ፣ አፉን ወደ ታች አድርገው አየር እንዲገባበት በሁለት ማንኪያዎች ላይ ደገፍ አድርገው ያስቀምጡት።